የብርነሽ ጭፈራ

የሰርግ ፊልም ላይ ሙሽሮቹን የሚያይ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ሰው የሰርግ ፊልም ሲከፈትለት ዓይኑ የሚሄደው ወደ ራሱ ነው። ሙሽሪት ቬሏን ተከናንባ ከመኪና ስትወርድ እሱ ከመኪናው ኋላ የቆመውን ሕዝብ ያስሳል፤ ከዚያ ራሱን ያገኝና «አይ፣ ይሄ ኮት ትከሻዬ ላይ ሰፍቶብኛል» ይላል። ራሱን ከጨረሰ በኋላ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ክትፎ ደጋግሞ አነሳ፣ ማን ጨፈረ፣ ማን አኩርፎ ተቀመጠ። ሙሽሮቹማ ምን ይታያሉ? ተጋብተዋል፣ በቃ።

ይህን ሁሉ ሰው ፊት ይዞ የሚቀመጠው ማን ነው ቢባል፣ እኔ ነኝ። ቡታጅራ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። በሯ ላይ «ፎቶና ቪዲዮ ኤዲቲንግ» የሚል ታፔላ ተሰቅሏል፤ ውስጧ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ እኔ። ካሜራውን የሚይዘው ባልደረባዬ ሙዘይን ነው። ሙዘይን ደፋር ነው፤ ካሜራውን አንግቶ የሰው ጉሮሮ ውስጥ ቢገባ አይጨንቀውም። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። ይህን የምናገረው ለትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ በጤናዬም በበሽታዬም ፈሪ ነኝ። ፈሪ ሰው ኤዲተር መሆን አልነበረበትም፤ ኤዲተር ማለት የአገሩን ሰው ሁሉ ገመና ይዞ «እኔ እኮ ምንም አላየሁም» እያለ የሚኖር ሰው ነውና።

አንድ ቀን ታዲያ ስልኬ ጢጥ አለች። ያኔ ሞባይል በየኪሱ ገብቷል፤ ግን አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል ነበር የምንጻጻፈው፤ አንዷን መልእክት ለመረዳት ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልግ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ጤና ይስጥልኝ። የሙሽሪት የትዕግስት የአክስት ልጅ ነኝ፣ ብርነሽ እባላለሁ። ወንድሜ በእናትህ የጭፈራውን ክፍል ቆርጠህ አውጣው። ለማንም እንዳትናገር።» ይላል።

ጮክ ብዬ ማንበቤ ትዝ ሲለኝ ተነስቼ በሩን ዘጋሁ።

ለምን ደነገጥክ ትሉኝ ይሆናል። የትዕግስትን አባት አቶ ሰይፉን ስለማታውቋቸው ነው። አቶ ሰይፉ ቀብድ ሊከፍሉ በመጡበት ቀን ወንበር እንኳ ሳይዙ ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ብታሳጥረው፣ የፎቶ ፕሮግራሙን ብትዘለው፣ የምግቡንም ብትተወው ግዴለም፤ ጭፈራው ላይ ግን አንዲት ነገር እንዳትነካ፤ ዘመድ ከየአገሩ የመጣው ለጭፈራው ነው፣ ልጆቼ አሉ፣ እነሱ ይጠይቁሃል፤ አሉኝ። ልጆቻቸውን አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ብሎኬት ሲጭን አይቼው ነበር፤ ሌላው ሰው ግራና ቀኝ ሲይዝ እሱ በአንድ እጁ ነው። እና እኔ በአንድ ወገን «እንዳትነካ»፣ በሌላ ወገን «ቆርጠህ አውጣ» መካከል ተቀምጬ ምን ላድርግ?

በዚያ ላይ የትኛውን ጭፈራ? የእኛ አገር ሰርግ ጭፈራ ያልሆነው የቱ ነው? ሙሽራው ሲመጣ ይጨፈራል፣ በር ላይ ይጨፈራል፣ ድንኳን ውስጥ ይጨፈራል፣ ሙሽሪት ስትወጣ እየተለቀሰ ይጨፈራል። ጭፈራውን ካወጣሁ የሚቀረኝ ኬኩ ብቻ ነው። ፈራ ተባ እያልኩ ደወልኩላት። እየተንሾካሾከች አነሳችው፤ እሷ ስትንሾካሾክ እኔም ብቻዬን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መንሾካሾክ ጀመርኩ፣ ፍርሃት ይጋባል መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ብርነሽ ባለትዳር ናት፤ ባሏ ደሳለኝ ከቡታጅራ አዲስ አበባ አይሱዙ ይነዳል። የደሳለኝ እናት፣ እሷ «አዶት» ነው የምትላቸው፣ እምድብር አጠገብ ባለ መንደር ይኖሩ ነበር። የትዕግስት ሰርግ በዋለበት እሁድ፣ ማለዳ ላይ አረፉ። ደህና ነበሩ፤ አልታመሙም፤ ድንገት ነው። ገጠር ነው፣ በዚያው ቀን ሳይመሽ ቀበሯቸው። ለደሳለኝና ለብርነሽ መርዶ የመጣው ግን ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። እናቱ አፈር ሲለብሱ ደሳለኝ የሰርገኛ ወንበር በአይሱዙ ያመላልስ ነበር፤ ብርነሽ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ትጨፍር ነበር። ምንም ሳታውቅ። አሁን ሐዘን ላይ ናቸው። የደሳለኝ እህት ሙሉነሽ ናት እናቷን ብቻዋን የቀበረችው፤ ወንድሞቿ አንድ ጭብጥ አፈር ሳያለብሱ ቀሩ ብላ ደረቷን ስትደቃ የሰነበተችው። ይህች ሴት የሰርጉን ፊልም ብታይና እናቷ በተቀበሩበት ሰዓት ምራታቸው ስትውረገረግ ብታገኛት፣ ምን ትላለች? ብርነሽ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ይቆራረጥ ነበር። ባሌ አንድ ቃል አልተናገረኝም፣ ግን አያየኝም፤ ያን ጭፈራ ቤተሰቡ ካየ ትዳሬ አበቃለት አለችኝ።

እሺ አልኳት። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ እሺ ነው የሚለው፤ እምቢ ማለት ጉልበት ይጠይቃል።

አሁን ስለ ሙያው ትንሽ ልንገራችሁ፣ ካልነገርኳችሁ የፈጸምኩት ጥፋት አይገባችሁም። ሙዘይን የሚቀርጸው በትንሿ ካሴት ነው። ካሴቷን ካሜራው ውስጥ አድርገን፣ ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኝተን እናጫውታታለን፤ የአንድ ሰዓት ካሴት ለመግባት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መቸኮል የለም። መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመሪያ ነው። ከገባ በኋላ ምስሉ አንድ መስመር ላይ፣ ድምፁ ሌላ መስመር ላይ ይዘረጋል። ጭፈራን እንዲሁ ብትቆርጠው ዘፈኑም አብሮ ይቆረጣል፤ ዘፋኙ ስንኙን ሳይጨርስ ከበሮው ሌላ ቦታ ላይ ይዘላል፣ ያን ጊዜ ሕፃን ልጅ እንኳ «ተቆረጠ» ይላል። ስለዚህ ምስሉንና ድምፁን መጀመሪያ ታላቅቃቸዋለህ። ድምፁን አትነካውም፤ ዘፈኑ እንዳለ ይፈሳል። ምስሉን ብቻ ትከፍትና ልታወጣው የፈለግከው ሰው ካለበት ላይ ሌላ ምስል ታለብስበታለህ። የሚያጨበጭብ እጅ፣ የከበሮ መቺው ጉንጭ፣ የድንኳኑ አበባ፣ ከረሜላ የሚበላ ልጅ። ይህ ሁሉ ለክፉ ቀን ተብሎ የሚቀረጽ ነው። ሙዘይን እጅ መቅረጽ ይወዳል፣ እጅ ሞልቶልኝ ነበር።

የማለብሰው ግን በምቱ ላይ ነው። ከበሮው ድም ሲል አንዱ ምስል ይገባል፣ ድም ሲል ይወጣል፤ ተመልካቹ ያማረ እንጂ የተደበቀ አይመስለውም። ብርነሽ ብቅ ስትል ድም፣ እጅ። ፈገግ ስትል ድም፣ አበባ። ዞራ በጀርባዋ ስትመጣ እሱን እንኳ አልተውኩም፣ ድም፣ ከረሜላ። አንድ ቦታ ላይ በቁሟ መሃል ገብታ እጆቿን እያጠላለፈች ረጅም ጊዜ ስትጨፍር አገኘኋት፣ እንዲያ የሚያምር ጭፈራ ለመቁረጥ እጅ አይሄድም። ግን ቆረጥኩት። እሷ ከነበረችበት ጀርባ የነበረው ሰው ሁሉ አብሯት ወጣ፤ ማን እንደነበር አላየሁም፤ ዓይኔ እሷን ብቻ ሲያሳድድ ነበር። የጎደለውን ርዝመት ለመሙላት ሙሽሮቹን በዝግታ አስኬድኳቸው፣ ዳር ዳሩን ልብ በልብ አደረግኩት። የጭፈራው ርዝመት ከዘፈኑ እኩል ሆነ። አቶ ሰይፉ ሰዓት ይዘው ቢቆሙ እንኳ አይደርሱብኝም።

አልደረሱብኝም። ዲቪዲውን ወስደው አዩት፣ ወደዱት፣ ልጃቸው ሳይቀር እጄን ጨበጠኝ። እጄ ለቀናት አመመኝ እንጂ ደስ ብሎኝ ነበር። ካሴቱን ሙዘይን እንደ ልማዳችን ለሚቀጥለው ሰርግ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። ሥራ ካለቀ ካሴት እንደገና ነው የምንቀርጽበት። ኮምፒውተሩም ጠባብ ስለሆነ የገባውን ምስል አጠፋሁት። ብርነሽ «እግዜር ይስጥህ» የምትል መልእክት ላከችልኝ። እኔም ለአንድ ወር ያህል በሰላም ተኛሁ።

አንድ እሁድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። ፊቷን በቀጥታ አይቼው ባላውቅም፣ በየምቱ ሳሳድዳት የከረምኩ ሰው ነኝና ወዲያው አወቅኋት። «የቆረጥከውን መልስልኝ» አለችኝ፣ ሰላም ሳትለኝ።

ሙሉነሽ ለካ ወደ ቡታጅራ መጥታ ፊልሙን አይታው ኖሯል። አይታ ምን አለች መሰላችሁ? «ሰው ሁሉ ሲጨፍር ብርነሽ የለችም። ለምን የለችም? ታውቅ ነበር ማለት ነው።» ነገሩ እንዲህ የሆነው ደግሞ በቂ ምክንያት ስላለ ነው። ያን እሁድ ከመንደሩ አንድ ጎረቤት ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ከመንገደኛ ስልክ ተውሶ ደውሏል። ሟቿ በቁራጭ ወረቀት ላይ ያኖሩትን የልጆቻቸውን ቁጥር ነው የመታው፦ የደሳለኝን፣ የብርነሽንና የታላቅየውን ልጅ የጋሽ ወልዴን። የደሳለኝ ዝግ ነበር። ከቀሩት በአንዱ ሰው አንስቶለታል፤ ነግሯል፤ ያነሳውም «እሺ ሰማሁ» ብሏል። ጎረቤቱ ግን በስልኩ የሚመጣው የሰርጉ ከበሮ አደንቁሮት ወንድ ይሁን ሴት አልለየውም፣ ቁጥሩንም የትኛውን እንደመታ አያስታውስም። ከሁለቱ አንዱ ነው። ወልቂጤ ላይ የሕንፃ መሣሪያ የሚነግደውን፣ የቤተሰቡን ታላቅ፣ ሰርጉ ላይ ከክብር እንግዶች ጋር የተቀመጠውን ጋሽ ወልዴን ማን ይጠረጥራል? የቀረችው ምራት ናት። አውቃ፣ ጭፈራውን ትታ፣ ክትፎዋን ግን ሳትተው፣ ባሏን የእናቱን ቀብር አስቀረችው ተባለ።

ሰርጉ ላይ ስንት ሰው አይቷት የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። የሚመሰክሩላት ሁሉ የእሷ ዘመዶች ናቸው፤ ዘመድ ለዘመዱ ይዋሻል ተብሏል። ደሳለኝ ውጭ ወንበር ሲጭን ነበር። ጋሽ ወልዴን ሲጠይቁት «እኔ ልብ አላልኩም» ብሏል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊልሙ አለ። የእኛ ሰው በዓይኑ ያየውን ይጠራጠራል እንጂ በዲቪዲ ያየውን አይጠራጠርም። ነገ ሰኞ ወልቂጤ ጋሽ ወልዴ ቤት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ደሳለኝ ከእንግዲህ ከእሷ ጋር ይኑር አይኑር ያን ጊዜ ይቆረጣል። እንባዋ ሳይወርድ ዓይኗ ላይ ቆሞ ነው ይህን ሁሉ የነገረችኝ። ያሳፍረኛል ብላ ያስወጣችው ጭፈራ ዛሬ ብቸኛ ምስክሯ ሆኗል፤ ምስክሩን ደግሞ በምት በምቱ የገደልኩት እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የሠራሁት መስመር እንዳለ አለ፤ ምስሉ ግን የለም፣ በየቦታው «ፋይሉ አልተገኘም» የሚል ቀይ ሰሌዳ ብቻ ነው። ካሴቱ? የካሴቱን ካርቶን አነሳሁት፣ ባዶ ነው። ሙዘይን በዚያ ጠዋት ካሴቶቹን ሁሉ ይዞ ቡኢ ሰርግ ሄዷል። ደወልኩ፣ አያነሳም፤ ካሜራ የያዘ ሰው ስልክ አያነሳም። አንድ ተስፋ ነበረኝ። ጭፈራው የተቀረጸው ካሴቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሙዘይን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲቀርጽበት ጭፈራው ጋ እስኪደርስ ጊዜ አለ። ግን ካሴቱን ሳወጣበት፣ ሌሎቹ ለቀሪው ሰርግ በቁጥር የተያዙ ናቸውና፣ የሚተካለት ሌላ ያስፈልገዋል። እቤት ሮጥኩ። እቤት ያለችው አንዲት ካሴት ናት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፕላስቲክ አበባው ጎን፣ በወርቃማ ወረቀት በተለበጠ ማኅደር ውስጥ። የራሴ ሰርግ ናት። ባለቤቴ ጓሮ ነበረች። ማኅደሩን ትቼ ካሴቷን ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ሚኒባሱ ቡኢ እስኪደርስ በልቤ ስንት ሰርግ እንደተቀረጸ እኔ ነኝ የማውቀው። ስደርስ ሰርገኛው በር ላይ ነው፤ የሙሽሪት ወገኖች በሩን ዘግተው አናስገባም ይላሉ፣ የሙሽራው ወገኖች እየዘፈኑ ይገፋሉ፣ ሙዘይን መሃል ገብቶ ካሜራውን ሽቅብ አንስቷል። ቀይዋ መብራት ትበራለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ግደርደራ እኔም እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዱ «አናስገባም» የብርነሽን ትከሻ የሚበላ መሰለኝ። በሰው መሃል ተሽሎክሉኬ ሙዘይን ጆሮ ጋ ደረስኩና ካሴቱን አውጣ አልኩት። አበድክ ወይ አለኝ። ሌላ ጊዜ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን አዎ አብጃለሁ ብዬ የካሜራውን ክዳን ራሴ ከፈትኩት። የሙሽራው ወንድም ሲዞርብን ሙዘይን ፈጠን ብሎ «ባትሪ ነው፣ ባትሪ ነው ጋሼ» አለ። ሰርጌን አስገባሁ፣ የብርነሽን አወጣሁ። ቀይዋ መብራት እንደገና በራች፤ በእኔና በሚስቴ ላይ መቅረጽ ጀመረች።

ማታ ካሜራውን ተቀብዬ ካሴቱን ሞከርኩት። የቡኢ በር ይታያል፣ ይታያል፣ ይታያል፤ ከዚያ ምስሉ ተንቀጠቀጠና ሰማያዊ ሆነ። ሰማያዊው አለፈ፣ የትዕግስት ድንኳን መጣ። ብርነሽ ገና መሃል እየገባች ነው። ከዚያ በላይ አላየሁም፤ ባትሪውን ፈርቼ አጠፋሁት። አይገርምም? ትንሽ ባይ ኖሮ ወልቂጤ አልሄድም ነበር።

በማግስቱ በጉብሬ በኩል ተራራውን አቋርጠን ሄድን። ብርነሽ ፊት ወንበር፣ እኔ ኋላ፣ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፌ። መንገዱ ሲጥለን ካሜራውን ወደ ደረቴ እጠጋዋለሁ። ጋሽ ወልዴ ግቢ ስንገባ ለሟቿ አርባ የተተከለው ድንኳን አልፈረሰም፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ተደርድረዋል፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል። ሙሉነሽ ብርነሽን አይታ ፊቷን አዞረች። ደሳለኝ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ወልዴ ግን ተነስቶ ተቀበለኝ፤ ወንበር ስጡት፣ የሚበላ ስጡት አለ። ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኙት ገመዶች ሦስት ናቸው፤ ቢጫው ምስሉን፣ ቀዩና ነጩ ድምፁን ይወስዳሉ። ሦስቱንም ሰክቼ ስጀምር የከበሮው ድምፅ ግቢውን ነቀነቀው። ሴቶቹ እሪ አሉ። የሽማግሌዎቹ አለቃ እጃቸውን አንስተው፣ የሐዘን ቤት ነው ልጄ፣ ዘፈን አይሰማም፤ ጭፈራውን ግን እንየው አሉ። ቀዩንና ነጩን ነቀልኩ። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ሆነ፣ በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። ጥቁር የለበሰ ቤት ሙሉ ሰው፣ ድምፅ የሌለው ጭፈራ ትክ ብሎ ያያል። ማንም አይስቅም። ብርነሽ መሃል ገባች። እጆቿን እያጠላለፈች፣ አንገቷን እየሰበቀች፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ጨፈረች። ሽማግሌው ወደፊት ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና ጎናቸው ላሉት፣ የአማቷን ሞት የሰማች ሴት እንዲህ ልትጨፍር አትችልም፣ ይቺ ልጅ የሰማችው ነገር የለም አሉ። ብርነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማልቀሷ ነው።

እዚህ ላይ ማጥፋት ነበረብኝ። እጄ ወደ ቁልፉ እየሄደ ሳለ ሙሉነሽ «ተው አታጥፋው» አለች። ጣቷን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። ከብርነሽ ጀርባ፣ ያን ጊዜ ከእሷ ጋር አብሬ ቆርጬ የጣልኩት ሰው አለ። ግራጫ ኮት ለብሷል፣ ያጨበጭባል። ከደረት ኪሱ ስልክ አወጣ። አንዱን ጆሮውን በጣቱ ደፈነ፤ ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄደና የግድግዳውን ሸራ ተደግፎ ቆመ። አንገቱን ደፋ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። በኮቱ እጅጌ ፊቱን ጠረገ። ከዚያ አንድ ወጣት መጥቶ በእጁ ጎተተው፤ መጀመሪያ እምቢ አለ፣ በኋላ መጣ፣ ከብርነሽ ጎን ቆሞ ማጨብጨብ ጀመረ። ጋሽ ወልዴ ነው።

እኔ ቁልፉን ብጫን የደበቅሁለት ይመስልብኛል፣ ባልጫን ይቀጥላል፤ እጄ በአየር ላይ ቀረ። ጭፈራው ቀጠለ። ሽማግሌው በመጨረሻ «በቃ ልጄ» ሲሉኝ አጠፋሁት።

ጋሽ ወልዴ አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ መሬቱን እያየ፣ ቀብሩ ላይ እንደማንደርስ አወቅሁ፣ ሰርጉን ከምበጥስ ብዬ ያዝኩት፣ በማግስቱ ልናገር ስል ደግሞ መርዶው ቀደመኝ፣ ከዚያ እንዴት ብዬ ልናገር አለ። ይህን ያህሉን ሰው ይቅር ይለው ነበር፤ መርዶ መያዝ በእኛ አገር ያለ ነው። ነገር ግን ምራቷ ስትከሰስ «ልብ አላልኩም» ማለቱ ለማንም አልተዋጠለትም። ሙሉነሽ ተነሳች። ወንድሟን የምትሰድብ መስሎኝ ነበር፤ አልተናገረችውም። ብርነሽ ጋ ሄዳ ጉልበቷን ያዘች። ደሳለኝም ከወንዶቹ መሃል ተነስቶ ሴቶቹ ዘንድ ሄደና ሚስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ሳምንት አላየኝም ያለችው ሰው አሁን ነጠላዋን ገለጥ አድርጎ ያያት ጀመር። እኔ ገመዴን ጠቅልዬ ምግቡንም ሳልጨርስ ወጣሁ። ፈሪ ሰው እርቅንም ይፈራል።

ሚኒባሱ ገና ጉብሬ ሳይደርስ ስልኬ ጢጥ አለች። የማላውቀው ቁጥር ነው፤ በእንግሊዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛ። አጠገቤ ሰው ስላለ በልቤ ነው ያነበብኩት። «ወልዴ ነኝ። ወንድሜ በእናትህ ያን የጭፈራ ክፍል ቆርጠህ አጥፋው። ለማንም እንዳትናገር።» እሺ ጋሼ ብዬ መለስኩለት።

አላጠፋሁትም። ብርነሽ ነገ ተነገ ወዲያ «መልስልኝ» ብትለኝስ? እቤት ስደርስ ማንም የማይነካው ቦታ ፈለግሁለትና ወርቃማው ማኅደር ውስጥ፣ የእኔ ሰርግ በነበረበት ከተትኩት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በጨርቅ ትወለውለዋለች፣ «ሰርጋችን» እያለች።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ልጆቹ እኮ የእኛን ሰርግ አይተው አያውቁም፣ እሁድ ካሜራውን ይዘህልን ና አለችኝ። ካሜራው ተበላሽቷል፣ ካሴቱ ያረጀ ነው፣ ረጅም ነው፣ ልጆቹ ይሰለቻሉ አልኩ። ፈገግ ብላ፣ ግዴለም ሌላውን ሁሉ ቆርጠህ እለፈው፣ ጭፈራውን ብቻ አሳየን አለችኝ።